ደመወዙ የቀነሰበት ሠራተኛ ለባንክ የጻፈው ደብዳቤ፦ ከኮምቦልቻ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ባለጉዳዩ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ ነው። ቤቱ ደሴ ስለሆነ በየቀኑ የሐረጎን ዳገት ይወጣል፣ ይወርዳል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም የጀመረውን ቤት ጣሪያና ወለል ለመጨረስ ከአንድ ባንክ 300,000 ብር ተበደረ። ወለዱ በዓመት 17 በመቶ፣ ጊዜው 5 ዓመት፣ ወርሃዊ ክፍያው 7,456 ብር ነበር። ፋብሪካው ክፍያውን ከደመወዙ ቆርጦ ለባንኩ ለማስተላለፍ የግዴታ ደብዳቤ ጻፈለት፤ አስተማሪ የሆነው የሚስቱ ወንድም ደግሞ ዋስ ሆኖ ፈረመ። ከጥር 2016 እስከ ጥቅምት 2018 ድረስ 22 ወር አንድም ቀን ሳያዛንፍ ከፈለ።

በጥቅምት 2018 መጨረሻ ፋብሪካው ትእዛዝ ስላነሰው ሁለተኛውን ፈረቃ ዘጋ። ሰውየው ከፈረቃ ኃላፊነት ወደ መስመር ቴክኒሻንነት ተዛወረና ጠቅላላ ደመወዙ ከ24,000 ወደ 18,000 ብር ወረደ። ዝውውሩ በጽሑፍ ስምምነት የተደረገ ሲሆን ለ12 ወር የሚቆይ ነው፤ ፈረቃው ከተከፈተ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስምምነቱ በጽሑፍ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ የሥራ ውልን ብቻውን ተነስቶ አይለውጥም። ሠራተኛው ያልፈረመበት ቅነሳ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ መሄድ የነበረበት ወደ ባንክ ሳይሆን ወደ ሠራተኛ ማኅበሩ ነበር።

ደሴ ውስጥ በአንድ ባንክ ብድር ክፍል ለዓመታት ስለሠራሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ጎረቤቶች ወደ እኔ ይመጣሉ። እሱም ረቂቁን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ይቺን እዩልኝና ነገ ላስገባት» አለኝ። ሁለት ገጽ ተኩል ሙሉ ነው። ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ እናቱ ሕመም በዝርዝር ጽፏል። ሁሉም እውነት ነው። ጥያቄው የሚገኘው በመጨረሻው አንቀጽ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «ስለዚህ ባንኩ ችግሬን ተረድቶ የብድር ጊዜዬን በተመጣጣኝ ሁኔታ እንዲያራዝምልኝና ቤቴን ለመጨረስ የሚረዳኝ ተጨማሪ 50,000 ብር እንዲፈቅድልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።»

«አብሽር፣ ይስተካከላል» አልኩት። ግን ያ ደብዳቤ በዚያ መልኩ ቢገባ ምን እንደሚደርስበት አውቀው ነበር። የብድር ኦፊሰሩ ጥያቄውን በራሱ አይወስንም፤ ማስታወሻ አዘጋጅቶ ቅርንጫፉን ወደሚቆጣጠረው የባንኩ ዲስትሪክት ይልካል። በማስታወሻው ላይ ቀሪ ዕዳ፣ የአዲሱ ክፍያ መጠን፣ የአዲሱ ጊዜ ርዝመትና ተበዳሪው መክፈል እንደሚችል የሚያሳይ ስሌት መሞላት አለባቸው። «በተመጣጣኝ ሁኔታ» የሚለው ቃል ከነዚህ አንዱንም አይሞላም። ስለዚህ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፣ ሰውየው «ነገ ተመለስ» ይባላል፣ በዚህ መካከል የክፍያው ቀን ይደርሳል። የ50,000 ብሩ ጥያቄ ደግሞ ጉዳዩን የባሰ ያከብደዋል። ማራዘሚያ አዲስ ገንዘብ አያወጣም፤ ጭማሪ ብድር ግን አዲስ ብድር ነው። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት ስለገደበ አዲስ ገንዘብ የሚጠይቅ ማመልከቻ ወረፋ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲሆኑ ቀላሉም ከከባዱ ጋር ይታሰራል። የመጀመሪያው ሥራችን 50,000 ብሩን ማውጣት ሆነ። ትንሽ ከፋው፣ ግን ተስማማ።

ከዚያ ወደ ቁጥሩ ገባን። እሱ ደመወዜ በ6,000 ብር ቀነሰ ይላል። ባንክ የሚያየው ግን እጅ የሚገባውን ነው። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር ሠንጠረዥ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ይከፈልበታል፤ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው። በ24,000 ብር ደመወዝ ግብሩ 6,350፣ ጡረታው 1,680 ነበር፤ እጁ የሚገባው 15,970 ብር። በ18,000 ብር ግብሩ ወደ 4,250፣ ጡረታው ወደ 1,260 ስለሚወርድ የሚቀረው 12,490 ነው። እውነተኛው ጉድለት እንግዲህ 3,480 ብር ነው። ደብዳቤው ላይ 6,000 ብሎ ቢጽፍ ኦፊሰሩ የደመወዝ ወረቀቱን ሲያይ ሌላ ቁጥር ያገኛል፤ ቁጥሩ ያልገጠመ ማመልከቻ ደግሞ ሌላውም ነገሩ ይጠረጠራል።

ይሁን እንጂ ጉዳዩን የሚወስነው ከተጣራው ደመወዝ ይልቅ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። በዚያው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም፤ ሠራተኛው በጽሑፍ ቢስማማም እንኳ። የፋብሪካው ደመወዝ ክፍል ይህን የሚያሰላው ከጠቅላላ ደመወዙ ሲሆን ግብርና ጡረታን ለብቻቸው ያስቀምጣል። በ24,000 ብር ጊዜ ጣሪያው 8,000 ስለነበር 7,456ቱ በደህና ያልፍ ነበር። በ18,000 ብር ግን ጣሪያው 6,000 ነው። ሠራተኛው ጥርሱን ነክሶ ልክፈል ቢል እንኳ ፋብሪካው 7,456 ቆርጦ መላክ አይችልም። ባንኩ ብድሩን ሲሰጥ የተማመነበት የግዴታ ደብዳቤ ራሱ ከኅዳር ጀምሮ ሊፈጸም የማይችል ሆኗል ማለት ነው።

ይህን ሲረዳ ሰውየው ደብዳቤውን የሚያይበት ዓይን ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ የምሕረት ጥያቄ አድርጎ ነበር ያሰበው። አሁን ግን የባንኩ ዋና ዋስትና መሥራቱን እንዲቀጥል የሚያደርግ ሐሳብ ይዞ የሚቀርብ ደንበኛ ሆነ። የኦፊሰሩም ማስታወሻ በዚሁ ምክንያት ይጠነክራል፤ ዲስትሪክቱን የሚያሳምነው የተበዳሪው መቸገር ሳይሆን ክፍያው በፋብሪካው በኩል ሳይቋረጥ መምጣቱ ነው።

እንግዲህ ስንት ወር ይጠየቅ? በጥቅምት መጨረሻ ቀሪው ዕዳ 217,920 ብር፣ የቀረው ጊዜ 38 ወር ነበር። ከ6,000 ብሩ ጣሪያ ላይ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮው 1 በመቶ፣ ማለትም 180 ብር፣ ይነሳል። ስለዚህ የባንኩ ክፍያ ከ5,820 መብለጥ የለበትም። በዚያው 17 በመቶ ወለድ 48 ወር ብንል ክፍያው 6,288 ይመጣል፤ አያልፍም። 53 ወር 5,874 ይሆናል፤ ለጥቂት አያልፍም። 54 ወር 5,801 ነው፤ ያልፋል። ጣሪያውን የሚያሟላው ትንሹ ጊዜ 54 ወር ሆነ።

እሱ 60 ወር ይሁንልኝ ብሎ ነበር፤ ክፍያው ወደ 5,416 ስለሚወርድ። ልዩነቱን በወረቀት አሳየሁት። በነባሩ ውል ቢቀጥል በቀሩት 38 ወራት የሚከፍለው በጠቅላላው 283,328 ብር ነው። በ54 ወር 313,254 ይሆናል፤ ጭማሪው ወደ 29,900 ብር ነው። በ60 ወር ደግሞ ጭማሪው ወደ 41,600 ያድጋል። በወር 385 ብር ለማቅለል ሲል 11,700 ብር ተጨማሪ ወለድ ይከፍላል። ከዚህም ሌላ ባንኩ «ለምን 60?» ብሎ ቢጠይቀው መልስ የለውም። «ለምን 54?» ቢባል ግን መልሱ በአዋጅና በደመወዝ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ስለ ወለዱ ምጣኔም አንድ ሐረግ ጨመርን። ብድር ሲራዘም አንዳንድ ባንክ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ምጣኔውን በወቅቱ ዋጋ ያስተካክላል። ወለዱ 19 በመቶ ቢደረግ የ54 ወሩ ክፍያ 6,034 ይደርሳል፤ ጣሪያውን ያልፍና ማራዘሚያው ትርጉም ያጣል። ስለዚህ «በነባሩ የወለድ ምጣኔ» የሚለው ከጥያቄው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባት ነበረበት። (በወሎ ብዙ ሰው ከወለድ ነፃ አገልግሎት ነው የሚጠቀመው። በሙራባሓ የተገዛ ዕቃ ከሆነ ዕዳው የተቆረጠ የሽያጭ ዋጋ ስለሆነ ጊዜ ስለተራዘመ ዋጋው አይጨምርም። የዚያ ደብዳቤ ስሌት ቀሪውን ዋጋ ለወራት ማካፈል ብቻ ነው፤ የወለድ ሐረጉም አያስፈልገውም።)

የገባው ደብዳቤ ይህ ነው፤ ማንነቱን የሚያሳውቁትን ነገሮች አውጥቻለሁ።

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም

ለ . . . . . . ባንክ የ . . . . . . ቅርንጫፍ
ደሴ

ጉዳዩ፦ የብድር መክፈያ ጊዜ እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም በተፈረመ የብድር ውል ከባንካችሁ 300,000 ብር ተበድሬ በ60 ወራት ለመክፈል ተስማምቻለሁ። ከጥር 2016 እስከ ጥቅምት 2018 ዓ.ም ያሉትን 22 ክፍያዎች በሙሉ በጊዜያቸው ፈጽሜያለሁ፤ ውዝፍ የለብኝም። ቀሪ ዕዳዬ 217,920 ብር ነው።

ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ በመሥሪያ ቤቴ ሁለተኛው ፈረቃ በመዘጋቱ ጠቅላላ ደመወዜ ከ24,000 ብር ወደ 18,000 ብር፣ የተጣራው ደግሞ ከ15,970 ብር ወደ 12,490 ብር ቀንሷል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዜ ሊቆረጥ የሚችለው ከአንድ ሦስተኛ ማለትም ከ6,000 ብር ስለማይበልጥ፣ መሥሪያ ቤቴ 7,456 ብሩን በሙሉ ቆርጦ ማስተላለፍ አይችልም።

ስለዚህ የቀረው የመክፈያ ጊዜ ከ38 ወር ወደ 54 ወር እንዲራዘምልኝና ወርሃዊ ክፍያዬ በነባሩ የወለድ ምጣኔ በግምት 5,801 ብር እንዲሆንልኝ እጠይቃለሁ። ይህ መጠን ከማኅበር መዋጮዬ ጋር ተደምሮ በመሥሪያ ቤቴ በኩል በየወሩ ሊቆረጥ ይችላል። ደመወዜ ወደ ቀድሞው ሲመለስ ከወርሃዊ ክፍያው በላይ እየከፈልኩ ዕዳውን ያለ ቅጣት ቀድሜ መጨረስ እንድችል በማሻሻያ ውሉ ላይ እንዲገለጽልኝም እጠይቃለሁ።

ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ነባሩን ክፍያ ሳላቋርጥ እፈጽማለሁ። ከመሥሪያ ቤቴ ተቆርጦ የሚላከው ከ7,456 ብር ካነሰ ልዩነቱን በራሴ ገቢ አደርጋለሁ። ዋሴ የማሻሻያ ውሉን ለመፈረም ተስማምተዋል።

ከሠላምታ ጋር
(ስምና ፊርማ፣ የሒሳብ ቁጥር፣ ስልክ)

አባሪ፦ የዝውውር ስምምነት፤ ከመሥሪያ ቤት የተጻፈ የአዲሱ ደመወዝ ማረጋገጫ፤ የጥቅምት ወር የደመወዝ ወረቀት፤ የ6 ወር የባንክ መግለጫ፤ የዋስ የስምምነት ደብዳቤ

በአንድ ገጽ አለቀ። የእናቱ ሕመምና የልጆቹ ትምህርት ቀሩ። እሱም ጠየቀኝ፣ «ችግሬን ካላወቁ እንዴት ያዝኑልኛል?» ብሎ። ችግሩን ኦፊሰሩ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ይንገረው፤ ሰው ለሰው ነውና ይሰማዋል። ወረቀቱ ግን ዲስትሪክት ሄዶ እሱን አይቶት በማያውቅ ሰው ይነበባል፤ ያ ሰው የሚፈልገው በማስታወሻው ላይ የሚሞላውን ነው።

የደብዳቤውን የመጨረሻ አንቀጽ በተመለከተ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። የማራዘሚያ ጥያቄ ገባ ማለት ክፍያ ቆመ ማለት አይደለም። ነባሩ ውል እስኪሻሻል ድረስ ይሠራል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ግዴታ ስለከበደ ብቻ ውልን አይለውጥም። በኅዳር ወር ፋብሪካው የቆረጠው እንደጠበቅነው 5,820 ብር ብቻ ነበር። የባንኩ ሥርዓት ሙሉ ክፍያ አልመጣም ብሎ የጎደለውን 1,636 ብር ውዝፍ አድርጎ ይመዘግባል። ሰውየው የደመወዝ ወረቀቱን ባየ ዕለት 1,636 ብሩን ገቢ አደረገ፤ «ለኅዳር ወር የብድር ክፍያ ማሟያ» ተብሎ እንዲጻፍበትም አደረገ፤ ደረሰኙን ያዘ። ትንሽ ገንዘብ ትመስላለች። ነገር ግን ውዝፍ ከ90 ቀን ካለፈ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ብድሩ ከተበላሹ ብድሮች ተርታ ይገባል፤ ባንኩም ለኪሳራ የሚይዘውን መጠባበቂያ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ማራዘሚያ የተበላሸ ብድር ማደስ ተብሎ ነው የሚታየው፤ ታሪኩም በብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ቋት ውስጥ ገብቶ ሌላ ባንክ ቢሄድም ይከተለዋል። ገንዘቡ መግባቱን ብቻ አይቶ መተማመን አይበቃም። በቁጠባ ሒሳቡ ላይ ተቀምጦ ወደ ብድር ሒሳቡ ሳይዛወር የሚቀርበት ጊዜ አለ። ማወቂያው የቁጠባውን ሳይሆን የብድር ሒሳቡን መግለጫ አስወጥቶ የውዝፍ መስመሩ ዜሮ መሆኑን ማየት ነው። እሱም እንዲሁ አደረገ።

ቅርንጫፉ በመጀመሪያ ሌላ ሐሳብ አቅርቦለት ነበር፦ ለ6 ወር ወለዱን ብቻ፣ በወር ወደ 3,087 ብር፣ እየከፈለ ዋናውን ዕዳ እንዲያቆየው። ዓይን የሚስብ ነው፤ በወር ከ4,300 ብር በላይ ይቀርለታል። ግን ስድስቱ ወር ሲያልቅ ዕዳው አንዲት ብር ሳይቀንስ ክፍያው ወደ 7,456 ይመለሳል፤ የደመወዝ ቅነሳው ስምምነት ግን ለ12 ወር ነው። በሰባተኛው ወር ያው የ6,000 ብር ጣሪያ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለው እፎይታ ገቢው መቼ እንደሚመለስ በእርግጥ ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ነው፤ ለእሱ አልሆነም። ይህንኑ በትሕትና አስረድቶ ወደ መጀመሪያው ጥያቄው ተመለሰ።

ከሁሉ ያዘገየው ዋሱ ነው። የሚስቱ ወንድም የሚያስተምረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ጊዜ ሲራዘም ዋስትናውም አብሮ ስለሚራዘም ባንኩ በአካል መጥቶ እንዲፈርም ጠየቀ። ተስማምቶ ደብዳቤ ከላከ በኋላ ነገሩን ሲያስበው ፈራ። «እኔ የፈረምኩት ለ5 ዓመት ነው፣ አሁን ደግሞ ስንት ሊሆን ነው?» አለ። ልክ ነው፤ እህቱን ስለሚወድ ብቻ ይፈርም ማለት አይገባም። ሰውየው ሐይቅ ድረስ ሄዶ የሁለቱንም ስሌት አሳየው። ብድሩ ባይራዘም በ90 ቀን ውስጥ የሚጠራው ዋስ ነው፤ ቢራዘም ግን ክፍያው ከፋብሪካው በቀጥታ ይመጣል፣ የእሱ ደመወዝም አይነካም። ይህን በቁጥር ሲያይ ነው የመጣው።

የዲስትሪክቱ ፈቃድ በታኅሣሥ መጨረሻ ደረሰ። በዚህ መካከል ሁለት ነባር ክፍያዎች ስለተፈጸሙ ቀሪው ዕዳ ወደ 209,122 ብር ወርዶ ነበር። ባንኩ የተጠየቀውን መጨረሻ ቀን፣ ሚያዝያ 2022ን፣ ሳይለውጥ ቀሪውን በ52 ወር ከፋፈለውና ክፍያው 5,710 ብር ሆነ። የወለዱ ምጣኔ ባለበት ቀረ። ቀድሞ የመክፈል ሐረጉም ገባ፤ ግን በረቂቅ ውሉ ላይ «በባንኩ ፈቃድ» የሚል ተጨምሮበት ነበር። ይህ ሐረግ መብቱን መልሶ ልመና ስለሚያደርገው እንዲወጣ ጠየቀ። ኦፊሰሩ ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ አወጣው። ሳያነብ ቢፈርም ኖሮ ፈረቃው ተከፍቶ ደመወዙ በተመለሰ ጊዜ ትርፉን ገንዘብ ወደ ዕዳው ለማስገባት እንደገና ማመልከቻ ይጽፍ ነበር።

ውሉ ከተፈረመ በኋላም የቀረ ነገር ነበር። ባንኩ ለፋብሪካው አዲሱን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ ፋብሪካውም የግዴታ ደብዳቤውን አድሶ መለሰ። ሰውየው ደብዳቤውን ራሱ ይዞ ሄዶ በደመወዝ ክፍሉ መዝገብ ላይ 5,710 ተብሎ መስተካከሉን አይቶ ወጣ። የጥር ደመወዝ ሲወጣ 5,710 ብር ለባንኩ፣ 180 ብር ለማኅበሩ ተቆርጦ 6,600 ብር እጁ ገባ፤ የብድር ሒሳቡም መግለጫ ውዝፍ ዜሮ፣ ቀሪ ክፍያ 51 ወር ይላል።